በአዲስ አበባ ዳርቻ የቤት ሽያጭ ወኪሎች የአጭር ቪዲዮ መርሐ ግብር

የአጭር ቪዲዮ መርሐ ግብር አንድ የቤት ሽያጭ ወኪል ድርጅት በእጁ ያሉትን ቤቶች መቼ እንደሚቀርጽ፣ መቼ በቲክቶክና በቴሌግራም እንደሚለቅ፣ መቼስ ከገበያ መውጣታቸውን እንደሚያሳውቅ የሚመዘግብበት ሰንጠረዥ ነው። እንደ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ለቡ ወይም ለገጣፎ ባሉ የከተማዋ ዳር አካባቢዎች ቤት የሚፈልግ ሰው አንድ ቤት ለማየት ግማሽ ቀን ሊፈጅበት ስለሚችል፣ ቪዲዮው የቤቱን የመጀመሪያ ጉብኝት ይተካል። በዚህም ምክንያት የተሳሳተ ወይም ጊዜው ያለፈበት ቪዲዮ የሰውን ሙሉ ቀን ያባክናል።

ብዙዎች ሰንጠረዡን የሚጀምሩት ከቀን ነው፤ «ሰኞ አንድ፣ ረቡዕ አንድ፣ ቅዳሜ አንድ» ብለው ይጽፉና ቀኑ ሲደርስ የሚለቀቅ ቤት ፍለጋ ይሯሯጣሉ። ውጤቱ ሰነዱ ያልታየ ቤት ለሕዝብ መቅረቡ ነው። ትክክለኛው አሠራር እያንዳንዱን መስመር ለአንድ ቤት መስጠት ነው። ቤቱ የራሱ መለያ ቁጥር ይኖረዋል፤ በመስመሩም ላይ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው የታየበት ቀን፣ ባለቤቱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ለመቅረጽ የፈቀደበት ቀን፣ ዋጋው ለመጨረሻ ጊዜ የተረጋገጠበት ቀን፣ የተቀረጸበትና የተለቀቀበት ቀን በቅደም ተከተል ይሞላሉ። የፊተኛው ሳጥን ባዶ ከሆነ የኋለኛው አይሞላም።

በዳርቻው አካባቢ አንድ ተጨማሪ ሳጥን ያስፈልጋል፤ ይኸውም ካርታውን የሰጠው የየትኛው አስተዳደር መሥሪያ ቤት እንደሆነ የሚያሳየው ነው። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ሲሆኑ፣ አያት ደግሞ በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር ነው። «አዲስ አበባ ዙሪያ» የሚለው የማስታወቂያ አነጋገር ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል። ገዢው ግን ስም ለማዛወር የሚሄድበትን ቢሮ አስቀድሞ ማወቅ ስለሚገባው፣ በቪዲዮው ውስጥ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ካርታው ራሱ ግን በፍጹም መቀረጽ የለበትም፤ በላዩ ላይ ያሉት ስምና ቁጥር ለአጭበርባሪ ሲሳይ ናቸው።

አሠራሩን በምሳሌ ለማየት፣ አንድ የካሜራ ሠራተኛና ሁለት የሽያጭ ሠራተኞች ያሉት አነስተኛ ድርጅት የኅዳር 2018 ዓ.ም. ሰንጠረዡን ሲያዘጋጅ እናስብ። ወሩ ሰኞ ይገባል። በእጁ አራት ቤቶች አሉ፤ በቱሉ ዲምቱ አንድ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ በቂሊንጦ አንድ ባለ አንድ መኝታ፣ በለገጣፎ አንድ ኤል ቅርጽ ያለው ግቢ ቤት፣ በአያት አንድ አፓርትመንት። ቱሉ ዲምቱና ቂሊንጦ በአንድ አቅጣጫ ስለሆኑ በአንድ ጉዞ ይቀረጻሉ፤ ለገጣፎና አያትም እንዲሁ። ስለዚህ ሰኞ ኅዳር 1 ለሰነድና ለስልክ፣ ማክሰኞ ኅዳር 2 ለመጀመሪያው ጉዞ፣ ረቡዕ ለቅንብር ይያዝና የቱሉ ዲምቱው ቤት ሐሙስ ኅዳር 4 ማታ ይለቀቃል። ሐሙስ የተመረጠበት ምክንያት ሰው ቤት ለማየት የሚመቸው ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ በመሆኑ ነው፤ ቪዲዮውን ሐሙስ ማታ ያየ ሰው ዓርብ ደውሎ ቀጠሮ ይይዛል። እሑድ ማታ የተለቀቀ ቪዲዮ ግን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀዘቅዛል።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስሕተት አለ። ሰንጠረዡ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ሳለ፣ ቪዲዮው በራሱ ጊዜ እንዲለቀቅ የሚታዘዝበት ገጽ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀንና ሰዓት ነው። ከምሽቱ 1:30 ለማለት በገጹ ላይ 19:30 መሞላት አለበት፤ 1:30 PM ብሎ የሞላ ሠራተኛ ቪዲዮው ከቀኑ 7:30፣ ሰው ሥራ ላይ እያለ ወጥቶ ያገኘዋል። ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን፣ «ኅዳር 4፣ ማታ 1:30 / November 13, 19:30» ብሎ መጻፍ ይበጃል።

ሁለተኛው ጉዞ ለሚቀጥለው ሳምንት ሲታሰብ፣ ዓርብ ኅዳር 12 ባዶ ሊመስል ይችላል። ዕለቱ ግን የኅዳር ሚካኤል ነው፤ «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ በየሰፈሩ ቆሻሻ ስለሚቃጠል የአዲስ አበባ ሰማይ በጭስ ይሸፈናል። በዚያ ጠዋት ከበረንዳ የተቀረጸ ምስል ቤቱን ጭጋግ የዋጠው ያስመስለዋል። ጉዞው ወደ ማክሰኞ ኅዳር 9 ይዛወርና የቀሩት ቪዲዮዎች ከኅዳር 11 ጀምሮ እንደተለመደው በየሐሙሱ ይለቀቃሉ። የአገሩን በዓላት ያላካተተ፣ ከሌላ አገር የተቀዳ ሰንጠረዥ የሚሰናከለው እንዲህ ባሉ ቀናት ነው።

የቀረጻው ቀን ሲመረጥ የውሃ ፈረቃም ይታያል። ቱሉ ዲምቱ ለደረሰ ገዢ ከሳሎኑ ስፋት ይልቅ የሚያሳስበው የቧንቧው ጉዳይ ነው። ካሜራው ወጥ ቤት ሲገባ ሽያጭ ሠራተኛዋ ቧንቧውን ትከፍታለች፤ ውሃው ከመስመር ከሆነ መስመር፣ ከታንከር ከሆነ ታንከር መሆኑን ትናገራለች፤ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣም ጎረቤት ጠይቃ ታክላለች። ከ40 እስከ 45 ሰከንድ በሚሆነው ቪዲዮ ውስጥ ለዚህ አምስት ሰከንድ መስጠት ኪሳራ አይደለም። እንደዚሁ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከታክሲ መውረጃው ወይም ከአስፋልቱ ዳር ቢጀምሩና እስከ በሩ ያለው መንገድ ጭቃውም ኮብልስቶኑም ሳይደበቅ ቢታይ፣ ቅዳሜ የሚመጣው ሰው ያየውን ያገኛል። ክረምት ላይ የተቀረጸ መንገድ ያስፈራል ተብሎ ይተዋል፤ በእኔ እምነት ግን ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ የሚያሳይ ምስል ከአሥር የበጋ ቪዲዮ ይበልጣል። ቤቱ ውስጥ ተከራይ ካለ ከሁለት ቀን በፊት ይነገረው፤ ቤቱ እየተሸጠ መሆኑን ከካሜራው መስማት የለበትም።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ዋጋና መሸጥ ነው። በቪዲዮው ምስል ላይ የተጻፈ ዋጋ አንዴ ከተለቀቀ በኋላ አይታረምም፤ በቴሌግራም ቻናል የተለጠፈ ጽሑፍ ግን በማንኛውም ጊዜ ይስተካከላል። ስለዚህ በምስሉ ላይ የቤቱ መለያ ቁጥር ብቻ ይጻፍ፤ ዋጋው በቴሌግራሙ ከዚያው ቁጥር ሥር ይቀመጥ። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ለእያንዳንዱ ባለቤት ተደውሎ «ዋጋው አለ? ቤቱስ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። የቱሉ ዲምቱው ቤት እሑድ ኅዳር 7 ቀብድ ቢያዝበት፣ ሰኞ በቴሌግራም «ቀብድ ተይዞበታል» ይባልና የሽያጭ ውሉ በውልና ማስረጃ ከተፈረመ በኋላ «ተሽጧል» ወደሚለው ይለወጣል፤ የቲክቶኩም ቪዲዮ የዚያኑ ዕለት ይነሳል። ቪዲዮው ብዙ ተመልካች ስላለው ብቻ እንዲቆይ የሚፈልጉ አሉ፤ ነገር ግን ስለተሸጠ ቤት የደወለ ሰው ሌላ ቤት ሲቀርብለት ማጥመጃ ነበር ብሎ ያስባል፤ ሁለተኛም አይደውልም። ሰንጠረዡ በደንብ እየተያዘ መሆኑ የሚታወቀውም በዚሁ ነው፤ ከሚደውሉት መካከል ቤቱ እንደሌለ የሚነገራቸው ሰዎች በየሳምንቱ ተቆጥረው ቁጥራቸው ከፍ ካለ፣ የሰኞው ጥሪ እየተዘለለ ነው።