የእድር ወርሃዊ ቃለ ጉባኤ ምንድን ነው?

ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። ሌሊት ጥሩምባ ይነፋል፣ ሲነጋ ድንኳን ይተከላል፣ ከሰዓት በኋላ ቀብር ነው። የእድሩ ገንዘብ ለሟች ቤተሰብ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት ግን ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ «ይገባዋል፣ አይገባውም» የሚባልበት ጊዜ የለም። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ አንድ ጥግ ይዘው መዝገቡን ይገልጣሉ። የመጨረሻውን ቃለ ጉባኤ ያነባሉ። እዚያ ላይ የተጻፈው ይፈጸማል።

ቃለ ጉባኤ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው። ብዙ ሰው ማን ተናገረ፣ ማን ደገፈ የሚል ጽሑፍ ይመስለዋል። እሱም አለበት። ዋናው ሥራው ግን እያንዳንዱ አባል በዚያ ወር መጨረሻ ከእድሩ ጋር ያለውን ሂሳብ መዝግቦ ማስቀመጥ ነው። ከፍሏል ወይስ ተወዝፏል? የስንት ወር? ነገ ቢሞት ቤተሰቡ ስንት ያገኛል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ብዙ ነገር የተማርኩት ከአንድ ለቅሶ ነው። ኅዳር መግቢያ ላይ አንድ አባላችን አረፉ። የኅዳር ስብሰባ ገና አልደረሰም፤ የተገለጠው የጥቅምት ቃለ ጉባኤ ነበር። እኔው ራሴ የጻፍኩት ነው። ስለ ውዝፍ የሚለው ይህችን ብቻ ነበር፦ «ያልተሰበሰበ ውዝፍ ብር 2,450 መሆኑ ተገልጿል።» ስም የለ፣ ወር የለ። ወደ አባሉ ካርድ ሄድን። ካርዱ እስከ ሰኔ ተከፍሎበታል። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት ባዶ ናቸው። (ለጳጉሜን መዋጮ የለም፤ ዓመቱ በ12 ወር ነው የሚቆጠረው።) የደንባችን አንቀጽ ደግሞ ግልጽ ነው። ከ3 ወር በላይ የተወዘፈ አባል ድንኳንና ወንበር አይከለከልም፣ ገንዘብ ግን አያገኝም።

ባለቤታቸው «እሱ እኮ በመስከረም 100 ብር ሰጥቷል» አሉ። ገንዘብ ያዡም አሰበና «እውነት ነው፣ ገበያ መንገድ ላይ ሰጥተውኛል» አለ። ደረሰኝ ግን አልቆረጠም፤ ደረሰኙ ቤት ነበር። በኪሱ ደብተር ጽፎ ረስቶታል። ደብተሩ ተፈልጎ እስኪገኝ፣ ዳኛውና ኦዲተሩ አይተው እስኪፈርሙ ሰልስቱ ደረሰ። እኒያ እናት ለቀብሩ የሚሆነውን ከጎረቤት ተበድረው አወጡ። የእድሩ ገንዘብ በሣጥን ተቀምጦ ማለት ነው። ይህ አሁንም ያመኛል።

ጥፋቱ የማን ነው? ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ሳይቆርጥ መቀበሉ አንድ ነው። የባሰው ግን የእኔ ቃለ ጉባኤ ነበር። በጥቅምት ስብሰባ ላይ ውዝፉ በየአባሉ ተነቦ ቢሆን ሰውየው እዚያው ተነስተው «እኔ እኮ የሁለቱን ወር ከፍያለሁ» ይሉ ነበር። በድፍኑ «2,450» ሲባል ማን ምን ብሎ ይቃወማል?

ከዚያ በኋላ አጻጻፋችንን ለወጥን። አሁን እንዴት እንደምንጽፍ የዚያንኑ የጥቅምት ወር ሂሳብ ወስጄ ላሳይ።

መጀመሪያ መዋጮ። እድሩ 96 አባል አለው፤ የወር መዋጮ 50 ብር ነው። ሁሉም ቢከፍል 4,800 ብር ይገባል። በዚያ ወር የከፈሉት 81 ናቸው፤ 4,050 ብር። 15 ሰው ቀርቷል፤ 750 ብር አዲስ ውዝፍ ሆነ። ቃለ ጉባኤው ሦስቱንም ቁጥር ይጽፋል፦ መግባት የነበረበት፣ የገባው፣ የቀረው። «4,050 ተሰበሰበ» ብቻ ከተባለ የጎደለው አይታይም።

ቀጥሎ ውዝፍ። ካለፈው ወር የዞረው ውዝፍ 2,300 ነበር። ከዚያ ላይ በዚህ ወር 600 ተሰበሰበ። አዲሱ 750 ተጨመረ። 2,300 ሲቀነስ 600፣ ሲደመር 750፤ 2,450 ይሆናል። ይህን ሂሳብ በየወሩ የማይሠራ ጸሐፊ አለ። መሥራት አለበት። የአባላቱ ካርዶች ላይ ያሉት ባዶ ወሮች ተቆጥረው በ50 ሲባዙ ይህንኑ ቁጥር መስጠት አለባቸው። ካልሰጡ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ውዝፍ ሲከፈል እንደ አዲስ መዋጮ ተመዝግቧል፣ ወይ ደግሞ አንድ ሰው «ችግር ላይ ነው» ተብሎ ጉባኤ ሳይወስን ውዝፉ ተሰርዞለታል። ምሕረት ማድረግ ክፉ አይደለም። ግን በቃለ ጉባኤ ካልሰፈረ ዘንድሮ ምሕረት ያገኘው ሰው ከርሞ በሌላ ኮሚቴ ይጠየቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህ ሂሳብ የዚያን 100 ብር ነገር አይዝም ነበር። ኪስ ውስጥ የቀረ ገንዘብ በመዝገብም በካርድም የለምና ሁሉም ልክ ሆኖ ይታያል። የሚይዘው ጆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ የተወዘፉት አንድ በአንድ፣ ከነወራቸው ይነበባሉ።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሥቶብናል። በጉባኤ ፊት «እከሌ የ3 ወር አለብህ» መባል ያሳፍራል። አንድ ሽማግሌ «ሰው ለመቅበር ተሰብስበን ሰው በቁሙ እንቅበር?» ብለው ተቆጡ። ልክ ነበሩ። መፍትሔው ቀላል ሆነ። በመዝገብ ቁጥር እናነባለን። «ቁጥር 12፣ መስከረምና ጥቅምት። ቁጥር 37፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት።» ሁሉም የራሱን ቁጥር ያውቃል። የሰማው ዝም ካለ ተቀብሏል ማለት ነው፤ ስህተት ካለ እጁን ያወጣል። ሦስተኛ ወሩን ለያዘ ሰው ደግሞ ጸሐፊው ቤቱ ሄዶ ይነግረዋል። ማስጠንቀቂያው የተሰጠበትም ቀን በሚቀጥለው ቃለ ጉባኤ ይጻፋል።

የውዝፍ አከፋፈልም ሥርዓት አለው። ገንዘቡ ሁልጊዜ ከጥንቱ ወር ይጀምራል። ሰውየው የሰጡት 100 ብር የሐምሌና የነሐሴ ሆነ፤ የቀረባቸው የመስከረምና የጥቅምት ብቻ ነው። የ2 ወር ውዝፍ ስለሆነ ገንዘቡ ይገባቸዋል። ቅጣቱ በወር 10 ብር ነው። ዛሬ ዛሬ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የሄዱ አባላት በቴሌብር ይልካሉ። እሱም ላይ ያው ነው። መልእክቱ በደረሰበት ቀን ደረሰኝ ይቆረጣል፣ የየትኛው ወር እንደሆነ ይጻፍበታል።

ሦስተኛው ለአባል የተከፈለው ነው። ብዙ እድር የሚሳሳተው እዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። በእኛ ደንብ አባሉ ራሱ ሲሞት 12,000 ብር ይሰጣል። ከሟቹ የሚቀነሰው የ2 ወር መዋጮ 100 እና ቅጣት 20፣ በድምሩ 120 ነው። በእጅ የተሰጠው 11,880 ሆነ። ታዲያ በወጪ የሚጻፈው ስንት ነው? የእጅ ልማድ 11,880 ይላል። ትክክሉ ግን ወጪ 12,000፣ ገቢ 120 ነው፤ ለ120ውም ደረሰኝ ይቆረጣል። ለምን ቢባል፣ ደረሰኝ ካልተቆረጠ ያ ውዝፍ በካርዱ ላይ እንዳለ ይቀራል። አባልነቱን የወረሱት ባለቤት በሚቀጥለው ወር «የ2 ወር አለብዎት» ይባላሉ። አንዴ ከሐዘን ብር ላይ ተቀንሶባቸው፣ ሁለተኛ ሊከፍሉ ነው።

ዕቃውም ይጻፋል። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ ንፍሮ የተቀቀለበት ብረት ድስት፤ ስንት ወጣ፣ ስንት ተመለሰ። የተሰበረ ካለ እድሩ ይችላል ወይስ አባሉ ይተካል የሚለው በጉባኤ ይወሰናል።

ገንዘቡ ከየት ወጣ የሚለውም መታለፍ የለበትም። ባንክ ያለውን ለማውጣት ሦስት ፊርማ ይፈለጋል፤ እሁድ የሞተ ሰው ግን ሰኞን አይጠብቅም። ስለዚህ ገንዘብ ያዡ እጅ ላይ ለአንድ ቀብር የሚበቃ ገንዘብ ይቀመጣል። የወሩ ቀሪ ሂሳብ ሲጻፍ በባንክ ያለውና በእጅ ያለው ለየብቻ ይሰፍራል። በእጅ ያለውን ኦዲተሩ እዚያው ስብሰባ ላይ ቆጥሮ ይፈርማል።

የኅዳር ወር ስብሰባችን ላይ ስለዚያ ለቅሶ እንዲህ ጻፍኩ፦

«የመዝገብ ቁጥር 37 አባል ኅዳር 4 ቀን ስላረፉ ለባለቤታቸው ብር 12,000 ወጪ ሆኗል። ከዚህ ውስጥ የመስከረምና የጥቅምት መዋጮ ብር 100 እና ቅጣት ብር 20 ገቢ ተደርጎ ደረሰኝ ተቆርጧል። በመስከረም የተከፈለው ብር 100 በወቅቱ ደረሰኝ ሳይቆረጥለት ቆይቶ የሐምሌና የነሐሴ ሆኖ በካርዱ ተመዝግቧል፤ ደረሰኙም ተቆርጧል። አባልነቱ ለባለቤታቸው ተላልፏል፤ ምንም ውዝፍ የለባቸውም። ክፍያው በ3 ቀን በመዘግየቱ ኮሚቴው ቤታቸው ሄዶ ይቅርታ እንዲጠይቅ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ከታች የቀረውን ባዶ ቦታ በሰረዝ ዘጋሁት፤ በኋላ ሌላ እጅ የሚጨምርበት መስመር እንዳይኖር ነው። ዳኛው፣ ገንዘብ ያዡና ኦዲተሩ ፈረሙ። በማግስቱ ሰኞ አራታችንም ወደ ቤታቸው ሄድን። እኒያ እናት የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የኅዳሩን መዋጮ ለማን ልስጥ?» የሚል ነበር። 50 ብር ሰጡን፤ ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን እዚያው ደጃፋቸው ላይ ቆረጠ።