የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ፦ ዎርክሾፕ ወይስ ኮቺንግ?

የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ ሠራተኛው ከሚጠበቅበት ሥራ የቱ ጋ እንደሚጎድል፣ ለምን እንደሚጎድልና ጉድለቱ በምን እንደሚሞላ የሚለይ ጥናት ነው። መክጊ እና ቴየር የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1961 እ.ኤ.አ. ጥናቱን በሦስት ደረጃ ከፍለውታል፦ ድርጅቱ፣ ሥራውና ሠራተኛው። ለብዙ ሰው በአንድነት የሚሰጥ ዎርክሾፕ ይሁን ለአንድ ሰው በግል የሚደረግ ኮቺንግ የሚለው በዋናነት የሚለየው ሠራተኛው ላይ ሲደረስ ነው።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል በምሳሌነት እንውሰድ። 18 አስተናጋጆች አሉት። እንግዶች በሦስት ነገር ያማርራሉ። ሒሳብ ይዘገያል። ጾም ያዘዘ ሰው ቅቤ የገባበት ምግብ ይቀርብለታል። ቅሬታ ሲነሳም ሰሚ የለም። ሥራ አስኪያጁ ለሁሉም የሁለት ቀን የደንበኛ አያያዝ ዎርክሾፕ አስበዋል።

ዳሰሳውን የምታካሂደው አጥኚ መጠይቅ አትበትንም። «ምን ሥልጠና ትፈልጋላችሁ?» ከተባለ መልሱ ይታወቃል፤ አበል ካለው ደግሞ ሁሉም ዎርክሾፕ ይላል። ይልቅ ሥራው ላይ ቆማ ታያለች።

ሒሳቡ የሚዘገየው ለሁለት አዳራሽ ያለው ማተሚያ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። አስተናጋጆቹ ሥራውን ያውቁታል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ማተሚያ ነው፤ ሥልጠና ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

የጾሙ ጉዳይ ግን የክህሎት ክፍተት ነው። እያንዳንዱን አስተናጋጅ ትዕዛዝ በሚቀበልበት ታብሌት የጾም ትዕዛዝ እንዲያስገባ ስታደርግ 13ቱ ለወጥ ቤት ማሳሰቢያ መጻፍ አይችሉም። በቃል ይናገራሉ፤ ግርግር ሲበዛ ይረሳል። ብዙ ሰው፣ አንድ ዓይነት ክፍተት፣ አንድ ዓይነት መፍትሔ። ዎርክሾፕ የሚገባው ለዚህ ነው። ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ ሥራ እንዳይቆም በሁለት ዙር፣ ሁዳዴ ሳይገባ ይሰጣል። ቀሪዎቹ 5 ተቀምጠው ከሚሰለቹ አሠልጣኙን ቢያግዙ ይሻላል። የማይችሉት ሁለት ሦስት ቢሆኑ ኖሮ የሥራ ባልደረባ አጠገባቸው ቆሞ ቢያሳያቸው በቂ ነበር።

የቅሬታ አያያዙን የሚያበላሹት ሁለት የፈረቃ ኃላፊዎች ናቸው። የአያያዝ ደንቡን ሲጠየቁ በቃላቸው ይወጡታል። እንግዳ ፊት ሲቆሙ ግን አንዱ ይከራከራል፤ ሌላው ጥሎ ይሄዳል። ምክንያታቸው ስለሚለያይ አንድ ላይ ማሠልጠን ለሁለቱም አይሆንም። ተከራካሪው ኮቺንግ ያስፈልገዋል፦ ለስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት፣ በዚያው ሳምንት በታየ እውነተኛ ገጠመኝ ላይ። ኮች የሚሆነው ሰው እሱን ሥራ ላይ የሚያየው መሆን አለበት፤ አለዚያ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ጥሎ የሚሄደው ግን ሒሳብ የመቀነስ ሥልጣን እንዳለው መጀመሪያ ይጣራ። ሥልጣን ከሌለው ኮቺንግም አይፈታውም።

ከዎርክሾፑ ሦስት ሳምንት በኋላ ያው የታብሌት ፈተና ይደገማል፤ ከጠረጴዛ የተመለሱ ሳህኖችም ይቆጠራሉ። አስተናጋጆቹ ፈተናውን አልፈው ሳህኑ አሁንም የሚመለስ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ማሳሰቢያውን የማያነበው ወጥ ቤት ዘንድ ነው።