ማክሲመም ላይክሊሁድ የግድ አንባያስድ አይደለም

«መምህር፣ ማክሲመም ላይክሊሁድ ከሞመንት ዘዴ ስለሚሻል ኢስቲሜተሩ አንባያስድ ነው አይደል?»

አይደለም። ጅማ ውስጥ ስታትስቲክስ ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት መንፈቀ ዓመት የለም። አንድ ኢስቲሜተር አንባያስድ የሚባለው ናሙናው ተደጋግሞ ቢወሰድ የግምቶቹ አማካይ ከእውነተኛው እሴት ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ ላይክሊሁድን ከፍ ማድረግ ደግሞ ስለዚህ አማካይ ምንም ቃል አይገባም።

ፈረንጅ አራዳ ላይ ታክሲ ሳያዛንፍ በየ θ ደቂቃው ይመጣል፣ እኛም ሰዓት ሳናይ እንደርሳለን እንበል። የምንጠብቀው ጊዜ ከ0 እስከ θ እኩል ዕድል አለው። በአምስት ቀን 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 16 ደቂቃ ጠበቅን። የስርጭቱ አማካይ θ/2፣ የናሙናው አማካይ 6 ስለሆነ የሞመንት ዘዴ θን 12 ይለዋል። አንድ ተማሪዬ ይህንኑ 12 ሁለት ጊዜ አስምሮበት አስረክቦኛል፤ አንድ ቀን 16 ደቂቃ መቆሙን ግን ረስቶታል።

ላይክሊሁዱ θ ከትልቁ ምልከታ ካነሰ ዜሮ ነው፤ ካላነሰ 1/θⁿ ነው፣ θ ባደገ ቁጥርም ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍተኛው ቦታ ትልቁ ምልከታ M ራሱ፣ ማለትም 16 ነው። («ሁልጊዜ ዴሪቬቲቭ ወስደህ ከዜሮ ጋር አስተካክል» የሚለው ልማድ እዚህ መፍትሔ የሌለው እኩልታ ላይ ይጥላል።)

አሁን ባያሱን እንፈትሽ። የሞመንቱ ቀላል ነው፤ E(2X̄) = 2·θ/2 = θ ስለሆነ አንባያስድ ነው። ለM ግን መጀመሪያ ስርጭቱን ማግኘት ያስፈልጋል። M ከm እንዳይበልጥ ሁሉም ምልከታዎች ከm መብለጥ የለባቸውም፤ ስለዚህ P(M ≤ m) = (m/θ)ⁿ ይሆናል። ዴሪቬቲቩን ወስደን በm አባዝተን ከ0 እስከ θ ኢንቴግሬት ስናደርግ E(M) = nθ/(n+1) እናገኛለን። በአምስት ምልከታ ይህ 5θ/6 ነው፤ M ከθ ሊበልጥ ስለማይችል ዝቅ ማለቱ አያስገርምም። በ6/5 ብናባዛው 19.2 ይሆናል፤ ይህ የታረመው ኢስቲሜተር አንባያስድ ነው።

«እንግዲያው የሞመንቱ ይሻላል» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። በn = 5 የስህተት ካሬ አማካይ ለ2X̄ θ²/15፣ ለM θ²/21፣ ለታረመው M ደግሞ θ²/35 ነው፤ ያጋደለው M አንባያስዱን 2X̄ ይበልጠዋል።

«ሁለቱ ዘዴዎች ምንጊዜም ይለያያሉ» የሚለውም ስህተት ነው፤ ለፖይሰን ስርጭት ሁለቱም የናሙናውን አማካይ ይሰጣሉ። «ናሙናው ሲበዛ ባያሱ ይጠፋልና አንባያስድ ነው» የሚሉ ደግሞ በ100 ምልከታ E(M) 100θ/101 እንጂ θ አለመሆኑን ይዩ። በአንድ ናሙና ብቻ «እውነተኛው θ 20 ቢሆን፣ 16 ከ20 ስላነሰ ባያስድ ነው» ብሎ የጻፈልኝ ተማሪም ነበር፤ ድምዳሜው እውነት ቢሆንም ማስረጃው ስላልነበረ ነጥብ አልሰጠሁትም።