ጀበና ከጎንደር አዲስ አበባ፦ ስለ ማሸግና ስለ መላክ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጎንደር ወጣ ብሎ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ከወለቃ ጀበና እየገዛሁ በቴሌግራም እሸጣለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ ዕቃው ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ይጓዛል፣ የዓባይ በረሃን ወርዶ ይወጣል። አዳዲስ ሻጮች ደጋግመው የሚነግሩኝን እንዳሉት አስቀምጬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

«ካርቶኑ ላይ ‹ተሰባሪ› ብለህ ጻፍበት፤ ጫኞቹ ይጠነቀቁለታል።»

ጫኝና አውራጅ ጎህ ሳይቀድ በጨለማ ይሠራል፤ ካርቶኑን የሚያነሣው አይቶ ሳይሆን ዳስሶ ነው። ላይ ታች የሚያመለክት ቀስት እኔም አደርጋለሁ፤ ነገር ግን ሳሽግ ዕቃው ተገልብጦ፣ በላዩም ሻንጣ ተጭኖበት እንደሚሄድ ቆጥሬ ነው።

«ሰፊ ካርቶን ይሻላል፤ ዕቃው ከግድግዳው በራቀ ቁጥር አይነካም።»

ብዙ ጀበና የፈጀው ይህ ነው። ክፍት ቦታ ካለ ጀበናው መንገዱን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ አውቶቡሱ ፍሬን በያዘ ቁጥር ካርቶኑ ሲቆም ጀበናው ግን ጉዞውን ይቀጥላል። ጀበና ደግሞ ሆዱ ጠንካራ ነው፤ የሚሰበረው ጭቃው ኋላ የተገጠመበት ቦታ ነው፦ እጀታው፣ የአንገቱ ሥር፣ መፍሰሻው። ሆዱን ብቻ አምስት ጊዜ ጠቅልሎ እጀታውን እንደ ጆሮ አውጥቶ መተው ማለት የካርቶኑን ግፊት በሙሉ በደካማው ክፍል ላይ ማሳረፍ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምሞላው በእጀታውና በሆዱ መካከል ያለውን ቀዳዳ ነው፤ የተጨማደደ ጋዜጣ ጠበቅ አድርጌ እወትፍበታለሁ። ከዚያ አንገቱን ከሆዱ ጋር እስኪስተካከል ድረስ እጠቀልላለሁ፤ ሲያልቅ ዕቃው ጀበና መምሰሉን ትቶ ድቡልቡል ነገር መሆን አለበት። ከካርቶኑ ሥር የሚቀመጥበትን ማቶት አደርግለታለሁ፤ ክብ ቂጡ ወለሉን በቀጥታ እንዳይመታ ይይዘዋል፣ ደንበኛውም ቤቱ ይጠቀምበታል። በዙሪያው አራት ጣት ያህል የጤፍ ጭድ እጠቀጥቃለሁ። ጭዱ ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ጭድ ይሰምጣል፣ ይሻግታል፣ አዲስ አበባ ሲከፈትም የበረት ሽታ ይሰጣል። አቧራው ሳሎን እንዳይበተን በቀጫጭን ፌስታል ከፋፍሎ ማሰር ይጠቅማል።

ካርቶኑን ዘግቶ ከጆሮ አጠገብ መነቅነቅ ነው። ውስጡ ድምፅ ካለ ወይም ክብደቱ ሲንሸራተት እጅ ላይ ከተሰማ፣ ይከፈትና ይሞላል። አዲስ አስተሻሸግ ስሞክር ደግሞ ሊሸጥ የማይችል ጠማማ ጀበና አሽጌ ከወገቤ ከፍታ አንዴ በታችኛው ወገን፣ አንዴ በጎን፣ አንዴ በማዕዘኑ እጥለዋለሁ። በማዕዘን መውደቁን ከቻለ አውቶቡሱንም ይችለዋል።

ካርቶኑን የማገኘው ጎንደር አራዳ ካሉ ሱቆች ነው፤ የፓስታም የሳሙናም ይሆናል፣ ሸንተረሩ ቁልቁል መቆሙን ብቻ አያለሁ። በክረምት ግን ፖርቶ መጋላ ላይ የወጣ ካርቶን እርጥበት ይጠጣና ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ከውጭ በወፍራም ላስቲክ አስገባዋለሁ።

«ተሰብሮ ከደረሰ የሰበረው አውቶቡሱ ነው።»

አንዳንዱ ሰባራ ከቤታችን ነው የሚወጣው። ሳይታሸግ በፊት ጀበናውን በአንገቱ አንጠልጥሎ በጣት መገጣጠሚያ መታ ማድረግ ነው፤ ደህናው ይጮኻል፣ ሲተኮስ የተሰነጠቀው ደግሞ እንደ ታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ስንጥቁ በዐይን ባይታይም መንገዱ ይከፍተዋል።

ደንበኛው ፎቶ ሲልክ ስብራቱን ማንበብ ይቻላል። ካርቶኑ ደህና ሆኖ እጀታው ብቻ ከወደቀ፣ ውስጡ ክፍት ቦታ ነበረው፤ ጥፋቱ የአሻጊው ነው። የካርቶኑ ማዕዘን ተጨፍልቆ ሆዱ ከተበሳ፣ ከውጭ ተመትቷል ወይም ተጭኖበታል። ቀጭን መስመር ከሥር ወደ ላይ ሄዶ ሁለት ቦታ ከከፈለው ግን የመታ መታውን ፈተና እንደዘለልኩ እጠረጥራለሁ። ስለዚህ ጀበናውን ብቻ ሳይሆን የካርቶኑን አራት ጎን ፎቶ ሳላይ ለማንም አልፈርድም።

«ማሸጊያ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ኪሳራ ነው።»

ተቃራኒውን የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ሳይቆጥሩ ነው የሚናገሩት። ለስሌት እንዲመች ጀበናው በ350 ብር ተገዛ፣ ማስጫኛው 150፣ ቀለል ያለው ማሸጊያ 30 ብር ነው እንበል። አንድ ሲሰበር ሌላ መላክ አለብኝ፤ ይኸው 530 ብር። ከመቶ አሥር ቢሰበር 5,300 ይሆናል፣ የመቶው ማሸጊያ 3,000 ሲጨመርበት 8,300።

ጠንካራው ማሸጊያ 65 ብር ይፈጃል፣ ስብራቱንም ወደ ሁለት ያወርዳል እንበል። የመቶው ማሸጊያ 6,500፣ የሁለቱ ምትክ 1,130፣ ድምሩ 7,630። 670 ብር ተረፈ ማለት ነው።

አሁን ግን በቀላሉ ማሸጊያ የሚሰበረው ከመቶ አምስት ብቻ ቢሆንስ? ያኔ ቀላሉ በ5,650 ብር ያልፋል፣ ጠንካራው ወደ ሁለት ማውረዱን ቢቀጥልም ሁለት ሺህ ብር ያህል ያስከስረኛል። ጭማሪው 35 ብር ስለሆነ ከመቶ ሰባት ያህል ስብራት ካላዳነ በገንዘብ አይመልስም። ይህን የሚያውቀው በደብተር የመዘገበ ብቻ ነው፦ ቀን፣ በምን ተላከ፣ እንዴት ታሸገ፣ እንዴት ደረሰ። እኔ እዚሁ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ላለ ደንበኛ ጀበናውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ባጃጅ ላይ ጭኔ ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ 65 ብሩ የአውቶቡስ ነው።

በስሌቱ ያልገባ አንድ ነገር አለ። ለሠርግ ስጦታ ያዘዘ ሰው ምትኩ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ቢደርሰው አይጠቅመውም። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ደብተሩ ምንም ቢል በጠንካራው አሽጋለሁ።

«ደንበኛ የሚፈልገው ፍጥነት ነው፤ በሁለት ቀን ይደርሳል በለው።»

በሁለት ቀን ብዬ በአራተኛው ቀን የደረሰ ጀበና ወቀሳ አምጥቶብኛል፤ በሳምንት ብዬ በአምስተኛው ቀን የደረሰው ምስጋና። መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለና ቀኑን ሳስብ ለዚያ ትርፍ ቀን እተዋለሁ።

ከቀኑ በላይ የሚያጣላው ግን «ማድረስ» የሚለው ቃል ነው። እኔ መናኸሪያ ማለቴ ነው፣ ደንበኛዋ የቤቷን በር ማለቷ ነው። አንዲት እናት ዋጋውን ከከፈሉ በኋላ ደውለው «ልጄ፣ እኔ አውቶቡስ ተራ ድረስ የምሄድበት ጉልበት የለኝም» አሉኝ፤ ከመናኸሪያ ቤታቸው ያለውን ማስመጫ ከትርፌ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ከመቀበሌ በፊት የምልከው መልእክት ይህ ነው፦ «ዕቃው መናኸሪያ ድረስ ይመጣል። ከዚያ የሚያነሣው እርስዎ ነዎት ወይስ ቤት ድረስ ይምጣ? ቤት ከሆነ ይህን ያህል ይጨመራል።» አውቶቡሱ ሲነሣ የዕቃውን ደረሰኝ፣ የሰሌዳ ቁጥሩንና የረዳቱን ስልክ እልካለሁ። ይህን ከጀመርኩ «የት ደረሰ?» የሚል ስልክ ሌሊት አይቀሰቅሰኝም።