የካሎሪ ስሌት ምንድን ነው? ደምረን ያገኘነውስ ማሸጊያው ላይ ካለው ለምን ይለያል?

የታሸገ ምግብ ሲገዛ ጀርባውን የሚያነብ ሰው አንድ ቀን መደመሩ አይቀርም። ፕሮቲኑን በ4፣ ቅባቱን በ9፣ ካርቦሃይድሬቱን በ4 ያባዛና ሦስቱን ይደምራል። ውጤቱ "ካሎሪ" ተብሎ ከተጻፈው ጋር አንዳንዴ ይገጥማል። አንዳንዴ በጥቂቱ ይለያል። አንዳንዴ ደግሞ እጥፍ ሆኖ ይመጣል። ያኔ ብዙዎች "ኩባንያው እየዋሸ ነው" ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማንም አልዋሸም፤ እኛና ኩባንያው የቆጠርንበት ደንብ ነው የተለያየው።

መጀመሪያ እነዚህ ቁጥሮች ከየት እንደመጡ እንይ። የ4፣ የ9 እና የ4 መነሻ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የሠራው አሜሪካዊ ኬሚስት ዊልበር አትዋተር ነው። አንድ ግራም ፕሮቲን መለኪያ ዕቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ወደ 5.65 ኪሎካሎሪ ሙቀት ይሰጣል። ሰውነታችን ግን ፕሮቲንን እስከ መጨረሻው አያቃጥልም። ናይትሮጅኑ ዩሪያ ሆኖ በሽንት ሲወጣ 1.25 ያህሉን ይዞ ይሄዳል። ከቀረው ደግሞ ጥቂቱ ሳይፈጭ በሰገራ ይወጣል። እነዚህ ሲቀነሱ 4 ገደማ ይቀራል። ቅባትም ከ9.4 ወደ 9፣ ካርቦሃይድሬትም ከ4.1 ገደማ ወደ 4 የወረዱት ከሰገራው ብክነት የተነሳ ነው። ማሸጊያ ላይ "ካሎሪ" የሚባለው ራሱ ኪሎካሎሪ ስለሆነ በስሙ አትደናገሩ።

ስለዚህ 4፣ 9፣ 4 አማካይ ቁጥሮች ናቸው። ስንዴውም፣ ባቄላውም፣ ሥጋውም አንድ ላይ ተጠቃለውባቸዋል።

አሁን አንድ ምግብ ወስደን እናስላ፤ ጤፍ ይሁን። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሰንጠረዥ ላይ 100 ግራም ያልበሰለ ጤፍ 13.3 ግራም ፕሮቲን፣ 2.4 ግራም ቅባትና 73.1 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። ፕሮቲኑ 53፣ ቅባቱ 22፣ ካርቦሃይድሬቱ 292 ኪሎካሎሪ ይሰጣል። ድምሩ 367 ነው። ሰንጠረዡም 367 ይላል። እስካሁን ሁሉም ሰላም ነው።

ግን ከ73.1 ግራሙ ካርቦሃይድሬት ውስጥ 8 ግራሙ ፋይበር ነው። ፋይበርን ሆዳችን እንደ ስታርች አይፈጨውም። ከፊሉን አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ትንሽ ጉልበት እናገኝበታለን፤ የቀረው እንዳለ ይወጣል። ታዲያ ለምን በ4 ተባዛ? ምክንያቱም በአሜሪካ አቆጣጠር "ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት" በቀጥታ አይለካም። ከ100 ግራሙ ላይ ውሃው፣ ፕሮቲኑ፣ ቅባቱና ሲቃጠል የሚቀረው አመድ ይቀነሳል፤ የተረፈው ሁሉ ካርቦሃይድሬት ይባላል። ፋይበሩም እዚያው ውስጥ ይገባል።

አውሮፓ ሌላ ነው። እዚያ ካርቦሃይድሬት ማለት ሰውነት የሚጠቀምበት ብቻ ነው። ፋይበር ሲጻፍ ለብቻው በራሱ መስመር ነው፤ አንዱ ግራምም በ2 ይባዛል። ያንኑ ጤፍ በአውሮፓ ደንብ እናስላው። ካርቦሃይድሬቱ 65.1 ይሆናል፤ ይህ 260 ኪሎካሎሪ ነው። ፋይበሩ 8 በ2፣ 16 ይሆናል። ፕሮቲኑና ቅባቱ ባሉበት ናቸው። ድምሩ 351 ነው። ዱቄቱ ያው፣ ግራሙ ያው፣ ቁጥሩ ግን በ16 አንሷል። ስቶክሆልም ያለች እህትና ዋሽንግተን ያለ ወንድሟ የአንድ ማሳ ጤፍ ገዝተው በዚህ ቢከራከሩ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የአውሮፓውን ማሸጊያ ይዞ ሦስቱን ብቻ የሚደምር ሰው ደግሞ 335 አግኝቶ ይገረማል። የጎደለችው 16 የፋይበሩ ናት።

ትንንሽ ልዩነቶችን የሚያመጣው ማጠጋጋት ነው። በአሜሪካ ደንብ ከ50 በላይ የሆነ ካሎሪ ወደ ቅርቡ አሥር ይጠጋጋል፤ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ወደ ሙሉ ግራም። አንድ ማቅረቢያ 40 ግራም የጤፍ ዱቄት ነው እንበል። ትክክለኛው ስሌት 147 ይሰጣል፤ ማሸጊያው 150 ይጽፋል። ግራሞቹ ተጠጋግተው 5 ፕሮቲን፣ 1 ቅባት፣ 29 ካርቦሃይድሬት ይሆናሉ። እነሱን ስትደምሩ 145 ይመጣል። እንዲህ ያለ የ5 ወይም የ10 ልዩነት ሊያስጨንቃችሁ አይገባም። ከ5 በታች የሆነ ካሎሪ ዜሮ ተብሎ ሊጻፍ እንደሚችል ግን አስታውሱ፤ በጣም ትንሽ ማቅረቢያ ያለውን ነገር ደጋግሞ የሚጠቀም ሰው ዜሮዎቹ ይጠራቀሙበታል።

ትልቁ ልዩነት የሚታየው ፋይበር የበዛበት ነገር ላይ ነው። ስኳር ያልገባበትን የካካዎ ዱቄት እዩ። በዚያው የአሜሪካ ሰንጠረዥ 100 ግራሙ 19.6 ፕሮቲን፣ 13.7 ቅባት፣ 57.9 ካርቦሃይድሬት አለው። በ4፣ 9፣ 4 ስናሰላው 433 ይሆናል። ሰንጠረዡ ግን 228 ነው የሚለው። ግማሽ ያህል! ምክንያቱ ለካካዎ የራሱ ማባዣ ስላለው ነው፤ ለፕሮቲኑ 1.83፣ ለቅባቱ 8.37፣ ለካርቦሃይድሬቱ 1.33። የካካዎ ካርቦሃይድሬት ከግማሹ በላይ ፋይበር ነው፤ ፕሮቲኑም በደንብ አይፈጭም። የአሜሪካ ደንብ ኩባንያዎች ከተለያዩ የስሌት መንገዶች እንዲመርጡ ይፈቅዳል። ለየምግቡ የወጣውን ማባዣ መጠቀም አንዱ ነው። የማይፈጨውን ከካርቦሃይድሬቱ ቀንሶ በ4፣ 9፣ 4 ማስላትና ለሚሟሟው ፋይበር በግራም 2 መደመር ሌላው ነው። ለዚህ ነው ሁለት ተመሳሳይ ዱቄቶች መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሆነው የተለያየ ካሎሪ የሚያሳዩት።

እንግዲህ ድምራችሁ ካልገጠመ ልዩነቱን ከፋይበሩ ጋር አስተያዩት። የአሜሪካ ማሸጊያ ከሆነና የናንተ ድምር ከበለጠ፣ ትርፉ ከፋይበሩ ግራም ሁለት እስከ አራት እጥፍ ውስጥ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። ስኳር አልባ ማስቲካና ከረሜላ ላይ ደግሞ በስኳር ቦታ የሚገቡትን ጣፋጭ አልኮሆሎች ተመልከቱ። አውሮፓ አብዛኞቹን በ2.4፣ ከነሱ አንዱ የሆነውን ኤሪትሪቶልን ግን በ0 ያስላል። ቢራና ወይን ላይ ድምሩ የሚያንሰው የአልኮሉ 7 ኪሎካሎሪ በግራም ስላልተቆጠረ ነው። ይህ ሁሉ፣ እንደ ካካዎ ያለው የራሱ ማባዣም ጭምር ታይቶ ልዩነቱ ካልተፈታ ያኔ ማሸጊያውን መጠርጠር ይቻላል።

ይህ ነገር ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ ስኳር ያለባቸውና ኢንሱሊናቸውን በካርቦሃይድሬት ልክ የሚወስዱ ሰዎች ጋ ሲደርስ ነው። ብዙ ምክር "ፋይበሩን ከካርቦሃይድሬቱ ቀንስ" ይላል። ያ ምክር የአሜሪካን ማሸጊያ ታሳቢ ያደረገ ነው፤ ለጤፉ 73 ሲቀነስ 8፣ 65 ይሰጣል። የአውሮፓው ማሸጊያ ላይ ግን 65 ብሎ የተጻፈው ፋይበሩ ቀድሞ ወጥቶ ነው። እሱ ላይ 8 ደግሞ የሚቀንስ ሰው 57 አግኝቶ፣ ለ100 ግራም ዱቄት 8 ግራም የሚፈጭ ካርቦሃይድሬት ሳይቆጥር ይቀራል። ስለዚህ ከመቀነሳችሁ በፊት ፋይበሩ የት እንደተጻፈ እዩ። ከካርቦሃይድሬቱ ሥር ገባ ብሎ ከተጻፈ የአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ ከውስጡ ነው ማለት ነው። ካርቦሃይድሬትና ስኳር ካለቁ በኋላ በራሱ መስመር ከቆመ ግን ተቀንሷል፤ አትንኩት።