ከፒዲኤፍ የተቀዳ ጽሑፍን መልሶ ማደራጀት

ፒዲኤፍ ብዙውን ጊዜ አንቀጽ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው የትኛው ፊደል ገጹ ላይ የት እንደተቀመጠ ነው። ስለዚህ ኮፒ አድርገን ስንለጥፍ እያንዳንዱ መስመር ራሱን የቻለ አንቀጽ ይሆናል። ርዕሱም ከተራው መስመር አይለይም።

የ1987ቱን ሕገ መንግሥት እንውሰድ። 11 ምዕራፍና 106 አንቀጽ አለው። «ክፍል» የሚባለው እርከን ያለው ምዕራፍ ሦስትና ምዕራፍ ስድስት ውስጥ ነው፤ በምዕራፍ ሦስት ሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶችን፣ በምዕራፍ ስድስት ሁለቱን የፌዴራል ምክር ቤቶች ይለያል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ መስመሮቹን ይቀጥላል። ስህተቱ እዚህ ነው፤ ርዕሱ ከአንቀጹ ጋር ከተጣበቀ በኋላ መልሶ ማላቀቅ ጣጣ ነው። ቅድሚያ የገጽ ቁጥርና የገጽ ራስጌ ይጥፉ፣ አለዚያ ዓረፍተ ነገር መሃል ይሰነቀራሉ። ከዚያ ርዕሶቹ የማርክዳውን የርዕስ ምልክት `#` ይደረግባቸው። በNotepad++ ፍለጋውን Regular expression ላይ አድርገን፣ «. matches newline» የሚለውን አጥፍተን እንዲህ እንፈልጋለን፦

```
^(አንቀጽ \d+) *\R(.+)$
```

መተኪያው ይህ ነው፦

```
\n### $1 $2\n
```

ቁጥሩ መስመሩን መዝጋቱ ወሳኝ ነው። «አንቀጽ 39 መሠረት» ብሎ የሚጀምር መስመር ርዕስ አይደለም። ሲያልቅ ርዕሶቹን ቁጠሩ። 107 ከሆኑ አንዱ ሐሰተኛ ነው፤ 105 ከሆኑ አንዱ አምልጧል። ምዕራፎቹ ጥቂት ስለሆኑ `##` በእጅ ይደረግላቸው። ምዕራፍ ሦስትና ስድስት ላይ ክፍሉ `###`፣ በክፍሉ ሥር ያለው አንቀጽ `####` ይሁን። ሌላውም ቦታ አንቀጹን `####` ማድረግ ለዓይን ያምራል፤ እርከን መዝለል ግን ማውጫውን ያዛባል፣ እኔ አላደርገውም።

አሁን መስመሮቹን መቀጠል ይቻላል፤ ይህን ፈልገን በአንድ ክፍት ቦታ እንተካለን፦

```
(?<![።፡፤\r\n])\R(?![\r\n#]|\d+\.)
```

«፡» የገባችው ብዙ ጸሐፊ አራት ነጥብን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ መትቶ «፡፡» ብሎ ስለሚጽፈው ነው። ዓረፍተ ነገር በአጋጣሚ መስመር ጫፍ ላይ ካለቀ ግን ይህ ትእዛዝ አይቀጥለውም። ዓይን ይፍረድ፦ መስመሩ አጭር ከሆነ አንቀጹ አልቋል፣ እስከ ዳር ከሞላ ሳይቀጥል አይቀርም።

የቀረው የተቆረጠ ቃል ነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቃል ሲቆርጥ ሰረዝ ያደርጋል። አማርኛ ግን አንዳንዴ ያለ ምንም ምልክት ይቆርጣል፤ «ይችላ» እዚህ፣ «ል» ታች። ሲቀጠል «ይችላ ል» ይሆናል። ደግነቱ በአማርኛ ብቻውን የሚቆም ባለ አንድ ፊደል ቃል የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ` [ሀ-ፚ](?=[ ።፡፤፣])` ብሎ መፈለግ አብዛኛውን ያወጣዋል። እንደ «ይች ላል» ያለው ግን ያመልጣል፣ ማንበብ ግድ ነው። ሰረዝ ሲገኝም ቶሎ አይጥፋ፤ «ሥነ-» መስመር ጫፍ ላይ ቢቀር ሰረዙ የ«ሥነ-ሥርዓት» የራሱ ሊሆን ይችላል።

ሲለጠፍ የላቲን ፊደል ቅልቅል ሆኖ የሚመጣ አሮጌ ሰነድ ካጋጠመ ችግሩ ሌላ ነው። ፎንቱ ዩኒኮድ አይደለም፤ መጀመሪያ እሱ ይቀየር።