ሴቲቱ የተቀመጠችው የት ላይ ነው?

የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 17ን ቃል በቃል ለመሳል የሞከረ ሰው ገና ሴቲቱን ሲያስቀምጥ ይቸገራል። በቁጥር 1 በብዙ ውኃዎች ላይ፣ በቁጥር 3 በምድረ በዳ በቀይ አውሬ ላይ፣ በቁጥር 9 ደግሞ በሰባት ተራሮች ላይ ተቀምጣለች። ሥዕል ከሆነ አይገጥምም፤ ምልክት ከሆነ ግን ራእዩን የሚያሳየው መልአክ ራሱ ይፈታዋል፦ ውኃዎቹ ሕዝቦች ናቸው፣ ሴቲቱም በምድር ነገሥታት ላይ የምትነግሥ ታላቅ ከተማ ናት። በሰባት ኮረብቶች ላይ የተሠራች ከተማ ሲባል ለዚያ ዘመን አንባቢ ሮም ናት፤ ማብራሪያ አያሻውም።

ይህ ማለት ግን ያሻንን ፍቺ እንለጥፋለን ማለት አይደለም። ሰባቱ ተራሮች የተባሉት የአውሬው ሰባት ራሶች ነገሥታትም እንደሆኑ ተጽፏል፤ እነማን እንደሆኑ ግን በስም አልተጠሩም። ከዚያ ወዲያ ነገሥታቱን በስም የሚቆጥሩት በየዘመኑ አልተስማሙም።